ኪቦርዱና ማውሱ ሲደርቁ፦ ባሕር ማዶ ያለ ወላጅን በስልክ እየመሩ መልሶ ማገናኘት

ማውሱ ሲገፋ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት የማይንቀሳቀስ፣ ኪቦርዱ ሲነካ ፊደል የማይወጣ ከሆነ ችግሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ኮምፒውተሩ ራሱ ቀጥ ብሏል፤ ወይም ኮምፒውተሩ ደህና ሆኖ ከኪቦርዱና ከማውሱ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ይጠይቃል። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዕቃ ነቅሎ መልሶ በመሰካት ያልቃል። ሳይለዩ ለማጥፋት መቸኮል ደግሞ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ያስጠፋል። ስለዚህ በስልክ ስንመራ ቀዳሚው ሥራችን መለየት ነው።

እዚህ የምጽፈው አባቴን ስመራ የምከተለውን መንገድ ነው። አባቴ ሜሪላንድ እህቴ ቤት ይኖራሉ፤ በሥራ ቀን እህቴና ባሏ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሚውሉ ኮምፒውተሩ ሲያስቸግር አጠገባቸው ሰው የለም። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ያለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው፤ ኪቦርዱና ማውሱ ገመድ የላቸውም፤ ሁለቱም ኮምፒውተሩ ላይ በተሰካች አንዲት ትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ በኩል ይገናኛሉ። ከርቀት ሆኖ የሌላውን ስክሪን ማየትና ማዘዝ የሚያስችሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ወላጅ ስክሪኑ ላይ ፈቃዱን እንዲጫን ስለሚጠይቁ ማውስ በሌለበት ሰዓት አይጠቅሙም። የሚቀረን ድምፃችን ነው።

በድምፅ ብቻ ስንመራ አንድ ሥርዓት እጠብቃለሁ፦ አንድ ትእዛዝ ከሰጠሁ በኋላ አባባ ያዩትን ወይም የሰሙትን ሳይነግሩኝ ወደሚቀጥለው አልሄድም። «ነቀሉት?» ብዬ ስጠይቅ «አዎ» የሚል መልስ ምንም አይነግረኝም። «በእጅዎ የያዙት ምን ይመስላል?» ስል ግን የተነቀለው መቀበያው ይሁን የአታሚው ገመድ ወዲያው አውቃለሁ።

ከመጀመር በፊት

ሰዓቱን ያስቡበት። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ሜሪላንድ በእነርሱ በጋ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱበት በክረምታቸው ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። የቀን ብርሃን ያለበትን ጊዜ መምረጥ ይሻላል፤ የምንፈልጋቸው ዕቃዎች ጥቃቅንና ጥቁር ናቸው።

ስልኩ በእጅ መያዝ የለበትም። «አባባ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ ያድርጉና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት፤ ሁለት እጅዎ ነፃ ይሁን» እላለሁ። የቪዲዮ ጥሪ ካለ እሰየው። ሆኖም ስልክ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው እጅ ዕቃ መንቀል ለአዛውንት አድካሚ ነው፤ ቪዲዮውን የማስከፍተው አንድ ነገር ማየት ግድ ሲሆንብኝ ብቻ ነው። ፎቶ አንስተው እንዲልኩልኝ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ማስነበብ

የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው፦ «አባባ፣ ምንም አይንኩ። ከስክሪኑ ታች በስተቀኝ ጥግ ትንሽ ሰዓት አለ። ከሁለቱ ነጥቦች በኋላ ያለውን ቁጥር፣ ደቂቃውን ብቻ ያንብቡልኝ።» ሰዓቱን ትቼ ደቂቃውን ብቻ የምጠይቀው አባባ ሰዓት የሚናገሩት እንደ እኛ አቆጣጠር ስለሆነ ነው፤ ስክሪኑ 1:14 ሲል እርሳቸው ሰባት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይላሉ። እኔ የምፈልገው 14 የሚለውን ነው።

ከዚያ ሁለት ደቂቃ ያህል ስለ ጤናቸው እንጫወታለን፤ ቁጥሩንም ደግመው ያነብባሉ። 14 የነበረው 16 ከሆነ ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ፤ የተቋረጠው ግንኙነቱ ነው። ወደ ደረጃ 2 እንሄዳለን። ቁጥሩ እዚያው 14 ላይ ከቆመ ኮምፒውተሩ ራሱ ደርቋል። መቀበያውን ብንነቅል ብንሰካ ለውጥ አይመጣም፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 4 እንዘላለን።

ስክሪኑ ጨርሶ ጥቁር ከሆነ ሰዓት የለም። እንዲህ ሲሆን የኮምፒውተሩን ሳጥን፣ በተለምዶ ሲፒዩ የምንለውን፣ መብራቱን አስጠይቃለሁ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ኮምፒውተሩ ተኝቶ ይሆናል፤ ማብሪያውን አንዴ ነካ አድርጎ መልቀቅ ይቀሰቅሰዋል። ስክሪኑ ላይ ዝማኔ እየተጫነ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ካለ፣ ለምሳሌ Don't turn off your computer የሚል፣ ማውሱ አለመንቀሳቀሱ ብልሽት አይደለም። ስልኩን ዘግተን ሥራውን እስኪጨርስ መጠበቅ ነው።

ደረጃ 2፦ መቀበያዋን ነቅሎ መሰካት

ብዙ ሰው በባትሪ ድንጋይ ይጀምራል። እኔ አልጀምርም፤ ምክንያቱም ኪቦርዱ የራሱ፣ ማውሱም የራሱ ባትሪ ድንጋይ አለው፤ ሁለቱ በአንድ ደቂቃ ማለቃቸው እምብዛም የማያጋጥም ነው። ሁለቱ አብረው ከጠፉ ጥፋቱን የምፈልገው ሁለቱ በጋራ በሚጠቀሙባት ነገር ላይ ነው፤ እርሷም መቀበያዋ ናት።

ከመንቀላቸው በፊት ግን የማብሪያ ቁልፎቹን አስፈትሻለሁ። «ማውሱን ይገልብጡት። ሆዱ ላይ ወዲያና ወዲህ የምትንሸራተት ትንሽ ቁልፍ አለች። ON የሚለው በኩል ናት ወይስ OFF?» ብዙ ማውሶች ላይ ቁልፏ ስትበራ አረንጓዴ ቀለም ይገለጣል። ኪቦርዱም ብዙ ጊዜ ከላይ ጠርዙ ወይም ከጀርባው ተመሳሳይ ቁልፍ አለው፤ አቧራ የሚጠርግ ሰው ሳያስበው ያጠፋዋል። ማውሱ ሆዱ ላይ ቀይ ብርሃን ከታየ ኃይል እያገኘ ነው። ብርሃኑ ካልታየ ግን ሞቷል ማለት አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ብርሃን የሚጠቀሙ ማውሶች ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ መቀበያዋ። ይህን ክፍል ረጋ ብዬ እመራለሁ፤ ሳጥኑ ላይ ገመዶች ተጠላልፈው የተሰኩበት ጀርባ ስላለ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

«አባባ፣ ሳጥኑ ላይ ገመድ የሌላት አንዲት ትንሽ ዕቃ ተሰክታለች፤ እህቴ ቀይ ፕላስተር ለጥፋባታለች። ከፊት ለፊት አለች? ከሌለች ከጀርባ ይመልከቱ።» እህቴ ፕላስተሩን የለጠፈችው በእኔ ልመና ነው፤ ይህ ቀላል ነገር የስልክ ጥሪውን በግማሽ ያሳጥራል። ምልክት ከሌለ መለያው ይህ ነው፦ ገመድ የላትም፣ ከሳጥኑ የምትወጣውም ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሳጥኑ ጠረጴዛ ሥር ከሆነ አባት እንዲንበረከኩና እንዲጎነበሱ አልጠይቅም። ፎቶ ልከውልኝ መቀበያዋ ከጀርባ መሆኗን ካየሁ ነገሩን እህቴ እስክትመጣ አቆየዋለሁ። ለማውስ ተብሎ የሚከፈል ወገብ የለም።

መቀበያዋ ከተገኘች፦

1. «በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ይያዟትና ቀጥ አድርገው ወደ ራስዎ ይሳቡ። አይጠምዝዟት።» ኮምፒውተሩ ድምፁ ክፍት ከሆነ ስትነቀል ዝቅ የሚል አጭር ድምፅ ያሰማል፤ እኔም በስልኩ እሰማዋለሁ።

2. «አሁን እስከ አስር ይቁጠሩ።» ይህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ዕቃው መሄዱን እንዲመዘግብ ነው።

3. «ከፊት ለፊት ካሉት ቀዳዳዎች ባዶ የሆነ ይፈልጉና እዚያ ይሰኩ።» ቀዳዳው አራት ማዕዘን ሆኖ ሰፋ ያለ ነው። አልገባ ካለ በኃይል መግፋት የለም፤ ገልብጦ መሞከር ነው። ስትገባ ወደ ላይ የሚወጣ አጭር ድምፅ ይሰማል።

4. ግማሽ ደቂቃ ያህል እንጠብቃለን። በአዲስ ቀዳዳ ስትሰካ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ዕቃ ስለሚቆጥራት ለመለየት ጊዜ ይወስዳል።

5. «አሁን ማውሱን አንሥተው መልሰው ያስቀምጡት፤ ቀስ ብለው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይግፉት። ቀስቱ ሄደ?»

መቀበያዋን ከጀርባ ወደ ፊት ማዛወሩ ለምቾት ብቻ አይደለም። እነዚህ ዕቃዎች የሚነጋገሩት 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ የብረቱ ሳጥን በመካከል ሲቆም ደካማው ምልክት ይበልጥ ይደክማል። ከፊት ስትሆን በእርሷና በማውሱ መካከል የሚቀረው አየር ብቻ ነው።

ባለፈው ጊዜ የገጠመን እንዲህ ነበር። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ሁለቱም ዕቃዎች ሞተዋል። መቀበያዋ ከጀርባ ነበረች፤ የዚያን ዕለት ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ስለነበር አባባ ሳይቸገሩ ነቅለው እዚያው ሰኳት፤ ቀስቱም ተንቀሳቀሰ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን «ይዘላል፣ ይቆማል፣ ፊደልም ይውጣል» አሉኝ። ይህ ምልክት ያለቀ ባትሪን ሳይሆን የሬዲዮ ጣልቃ ገብነትን ያሳስባል፤ ያለቀ ባትሪ ነቅለን በመሰካታችን አያገግምም። «ከመቀበያዋ አጠገብ ሌላ ምን ተሰክቷል?» ስላቸው ፎቶ ላኩልኝ። የልጅ ልጃቸው ፎቶ የሚያከማችበትን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በጎረቤት ቀዳዳ ሰክቶ ሄዷል፤ የቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ነበር። ሰማያዊዎቹ ዩኤስቢ 3 የሚባሉት ፈጣን ቀዳዳዎች ናቸው፤ ሃርድ ዲስክ በእነርሱ ሲሠራ የሚፈጥረው ጩኸት ልክ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚያርፍ ጎረቤቱ ያለችውን መቀበያ ያደነቁራታል። ለማረጋገጥ አባባ መቀበያዋን ብቻ ወደ ፊት አዛወሩ፤ ሃርድ ዲስኩን አልነካነውም። መዝለሉ ወዲያው ቆመ። ሃርድ ዲስክ እየሠራ እያለ መንቀል በውስጡ ያለውን ፋይል ሊያበላሽ ስለሚችል ለዚህ ፈተና የምናንቀሳቅሰው ሁልጊዜ መቀበያዋን ነው።

ደረጃ 3፦ ባትሪ ድንጋይ

መቀበያዋ በሌላ ቀዳዳ ተሰክታ አንዱ ተነሥቶ ሌላው ከቀረ፣ ወይም ከመጀመሪያውም አንዱ ብቻ ሞቶ ከሆነ፣ ያኔ ባትሪ ድንጋይ ነው። አዲስ እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የግድግዳ ሰዓትና የቴሌቪዥን ሪሞት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ መጠን ይጠቀማሉ። ድንጋዩ ላይ AA ወይም AAA ተብሎ ተጽፏል፤ አባባ እንዲያነብቡልኝ አደርጋለሁ።

አገባቡን ስመራ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አልጠራም፤ ምልክቱ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ በጥቁር ስለሚቀረጽ አይታይም። «ጠፍጣፋው ቂጡ ስፕሪንጉ ላይ ይረፍ፤ ጡት ያለው ጫፍ በሌላው በኩል ይሁን» ማለት በጣት ዳብሰው ሊያረጋግጡት የሚችሉት መመሪያ ነው። ሁለት ድንጋይ ከገባበት ሁለቱንም መቀየር ነው፤ አንድ አዲስና አንድ አሮጌ አይቀላቅሉ። ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ አሮጌው ድንጋይ ፈስሷል። አባባ በባዶ እጃቸው እንዳይነኩት እነግራቸዋለሁ፤ ያንን የሚያጸዳው ሌላ ሰው ነው።

ኪቦርዱ ኃይል እያለው ፊደል የማይወጣበት አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ በአዛውንት እጅ ላይ በተለይ ይገጥማል። በስተቀኝ ያለው Shift ለ8 ሴኮንድ ተጭኖ ከቆየ ዊንዶውስ Filter Keys የሚባለውን ሥርዓት ለማብራት ይጠይቃል። በእሺታ ካለፉት ኪቦርዱ አጭር ንክኪን ችላ ይላል፤ ፊደል የሚወጣው ቁልፉ ረዘም ላለ ጊዜ ሲጫን ብቻ ነው። ማውሱ እየሠራ ኪቦርዱ ብቻ ከሞተ «አባባ፣ አንድ ፊደል ተጭነው ትንሽ ይቆዩ፤ ወጣ?» እላለሁ። ከወጣ ያንኑ የቀኝ Shift ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ፣ 8 ሴኮንድ ያህል፣ ተጭነው ሲለቁት ይጠፋል።

ደረጃ 4፦ ኮምፒውተሩን ማጥፋት

ወደዚህ የምንደርሰው ሰዓቱ ከቆመ ወይም ከላይ ያለው ሁሉ ካልሠራ ነው። ማብሪያው ሁለት ዓይነት አጫጫን አለው፤ ልዩነታቸውም ትልቅ ነው።

አጭሩ፦ «ማብሪያውን አንዴ ጫን አድርገው ይልቀቁ።» የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ይህ እንደተለመደው ከሆነ በሥርዓት ዝጋ ማለት ነው። ሰዓቱ እየሄደ ግንኙነቱ ብቻ ከጠፋ ሁልጊዜ በዚህ እጀምራለሁ። ላፕቶፕ ላይ ግን ይኸው አጫጫን ብዙ ጊዜ የሚያስተኛው እንጂ የሚያጠፋው አይደለም። ሁለት ደቂቃ ጠብቀን ምንም ካልተለወጠ ወደ ረጅሙ እንሄዳለን።

ረጅሙ፦ «ተጭነው ይያዙት፤ እኔ እቆጥራለሁ፤ ስክሪኑ ጨልሞ የሳጥኑ የንፋስ ድምፅ እስኪቆም አይልቀቁ።» እስከ አስር መቁጠር ይበቃል። ይህ የኃይል ማጥፋት ስለሆነ ያልተቀመጠ ሥራ ሊጠፋ ይችላል፤ ሳልነግራቸው አላስደርግም። አባባ በዎርድ ደብዳቤ እየጻፉ ከነበረ ፕሮግራሙ ካልተቀየረ በየ10 ደቂቃው ለራሱ ቅጂ ስለሚይዝ ሲከፈት አብዛኛው ሊመለስ ይችላል። ኢሜይል ውስጥ የተጻፈም ብዙ ጊዜ ረቂቅ ሆኖ ይቀመጣል።

ከጠፋ በኋላ ግማሽ ደቂቃ አሳርፎ አንዴ ተጭኖ ማብራት ነው። የይለፍ ቃል መጠየቂያው ላይ ሲደርሱ ማውሱ ሠርቶ ኪቦርዱ እምቢ ካለ፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ከታች በስተቀኝ የሰው ቅርጽ ያለው ምልክት አለ። እርሱን ተጭነው On-screen keyboard የሚለውን ቢመርጡ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይመጣል፤ ፊደሎቹን በማውስ እየነኩ ይለፍ ቃሉን ያስገባሉ። ይለፍ ቃሉን ግን ስፒከር ላይ ባለ ስልክ ጮክ ብለው እንዲያነብቡት አልፈልግም።

ደርቆ የሚመስል ማጭበርበር

አንድ ነገር ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ባሕር ማዶ ያሉ አረጋውያንን በብዛት የሚያጠቃም እርሱ ነው። ቀስቱ ይንቀሳቀሳል፤ ነገር ግን ስክሪኑን የሞላ ገጽ አልዘጋ ይላል፤ «ኮምፒውተርዎ ተቆልፏል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ድምፅም ይጮኻል። ይህ ብልሽት አይደለም። የማይክሮሶፍት እውነተኛ ማስጠንቀቂያዎች ስልክ ቁጥር አይኖራቸውም። ስለዚህ አባባ «አይሰማም፣ ደርቋል» ሲሉኝ ከሰዓቱ ቀጥሎ «ስክሪኑ ላይ ስልክ ቁጥር አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ካለ፦ አይደወልም። Esc የሚለውን፣ ከኪቦርዱ ላይኛ ግራ ጥግ ያለውን ቁልፍ፣ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭነው ይይዛሉ፤ ገጹ ከሙሉ ስክሪን ሲወጣ ከላይ በስተቀኝ ባለው የኤክስ ምልክት ይዘጉታል። እምቢ ካለ በረጅሙ አጫጫን ማጥፋት ነው። ሲበራ ማሰሻው የነበሩትን ገጾች ልመልስ ብሎ Restore የሚል ቢያሳይ አይነካም። አስቀድመው ደውለው ከሆነ ወይም ለማንም ኮምፒውተሩን ከፍተው ከሰጡ ጉዳዩ ከኪቦርድ አልፏል፤ ኢንተርኔቱን አቋርጠው፣ ባንካቸው ጋ በካርዳቸው ጀርባ ባለው ቁጥር እንዲደውሉ አደርጋለሁ።

በስልክ የማይፈታው

መቀበያ የሌላቸው፣ በብሉቱዝ የሚገናኙ ኪቦርድና ማውሶች ከጠፉ መልሶ ማገናኘቱ በዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ስለሚያልፍ የሚሠራ ሌላ ማውስ ይጠይቃል። ለዚህ ነው ወላጅ ቤት መሳቢያ ውስጥ አንድ ርካሽ ባለገመድ የዩኤስቢ ማውስ እንዲቀመጥ የምመክረው። ሰክተውት ቀስቱ ከተንቀሳቀሰ ኮምፒውተሩም ቀዳዳውም ደህና መሆናቸው በአንድ ጊዜ ይታወቃል።

መቀበያ ከጠፋች ደግሞ ከመደብር ማንኛዋንም ገዝቶ መሰካት አይሠራም፤ እያንዳንዷ የምትናገረው ከራሷ ኪቦርድና ማውስ ጋር ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ስብስቦች ካሉ መቀበያዎቹ ተቀያይረው እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል፤ የአንዱ ማውስ ሲገፋ የሌላው ኮምፒውተር ቀስት ይሄዳል።

ሰዓቱ በተደጋጋሚ የሚቆም ከሆነ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በየጥቂት ቀኑ ራሱ የሚደርቅ ከሆነ፣ ኪቦርዱን መውቀስ ትርፉ ድካም ነው። የታፈነ ንፋስ፣ የሚያረጅ ዲስክ ወይም የላላ ማስታወሻ ካርድ ሊሆን ይችላል፤ ሳጥኑ ተከፍቶ መታየት አለበት። ኪቦርዱ ላይ ውሃ ወይም ሻይ ከፈሰሰ፣ ወይም ከሳጥኑ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ አባባ ከግድግዳው ሶኬት እንዲነቅሉት ብቻ እነግራቸዋለሁ፤ የቀረውን እህቴ ማታ ስትገባ ታየዋለች።